የመደብር ሶፍትዌር በወር ክፍያ ለምትገዙ፦ «የቅርንጫፍ ቁጥጥር» የሚለውን ምልክት አትመኑ

በኮምቦልቻና በደሴ የምትነግዱ ወገኖች፣ የንብረትና የሽያጭ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ይዘው ሱቅ ለሱቅ የሚዞሩትን ሻጮች ታውቋቸዋላችሁ። ነሐስ፣ ብር እና ወርቅ የተባሉ ሦስት ጥቅሎች የተደረደሩበትን የዋጋ ገጽ በታብሌት ያሳያሉ፤ መካከለኛው ላይ «ብዙዎች የመረጡት» የሚል ጽሁፍ ተለጥፏል።

የብር ጥቅል ዋጋ በትልቁ «900 ብር በወር» ተብሎ ተጽፏል። ዋጋው ለአንድ ተጠቃሚ መሆኑ፣ የዓመቱ በአንድ ጊዜ እንደሚከፈልና ተጨማሪ እሴት ታክስን እንደማይጨምር የተገለጸው ግን ከገጹ ግርጌ፣ በደበዘዘ ደቃቅ ፊደል ነው። ስለዚህ ለአራት ሠራተኞች የተጠየቅሁት 49,680 ብር ሆነ። ከፈልሁ፤ ምክንያቱም በኮምቦልቻ መጋዘንና በደሴ ሱቅ ለሚሸጥ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ዋናው ጉዳይ ቅርንጫፍ ነው፣ ገጹም በብር ጥቅል ሥር ከ«የቅርንጫፍ ቁጥጥር» ፊት ለፊት አረንጓዴ ምልክት አድርጎበታል።

ዛሬ ጠዋት ብረት ጭነን ወደ ደሴ ስንልክ፣ ዝውውሩን ለመመዝገብ ብንሞክር «ይህ አገልግሎት በወርቅ ጥቅል ብቻ የሚገኝ ነው» የሚል ጽሁፍ መጣ። ጭነቱ መንገድ ጀምሯል፣ መዝገቡ ግን ብረቱ አሁንም ኮምቦልቻ ነው ይላል። ስደውል ያነሳችው ሠራተኛ የብሩ ጥቅል የሁለቱን መደብር ክምችት ለማየት ብቻ እንደሚያገለግል ነገረችኝ። ይህ የት እንደተጻፈ ስጠይቃት «ጋሼ፣ መቆጣጠር ማለት ማየት ነው፤ ሌላው ደንበኛ ሁሉ ገብቶታል» ብላ ከጎኗ ካለው ሰው ጋር ሳቀች። ወደ ወርቅ ለመሸጋገር 38,640 ብር እንድጨምር፣ የከፈልሁት ደግሞ እንደማይመለስ ነገረችኝ። እስከዚያው ከኮምቦልቻ እንደ ሽያጭ፣ በደሴ እንደ ግዢ መዝግቡት የሚል ምክርም ሰጠችኝ። ይህ ያልተካሄደ ሽያጭ በመዝገብ ላይ ገቢ ሆኖ እንዲቆጠር ማድረግ ነው፤ ለግብር ሒሳብ ሲቀርብ ማን ሊያስረዳልኝ ነው?

ገጹን በቅን ልቦና ለመጻፍ የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ «በብር ጥቅል የሁለት መደብር ክምችት ማየት ይቻላል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ዕቃ ማዛወር ግን አይቻልም»። የጥቅሉ ስም ብር ይሁን ወርቅ ለነጋዴ የሚነግረው ነገር የለም። ስንት ሠራተኛና ስንት መደብር ላለው እንደሚበቃ፣ ታክሱን ጨምሮ በዓመት ስንት እንደሚያስከፍል ቢጻፍ ግን ማንም ሳይደናገር ይመርጥ ነበር።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ አንድ ዕቃ ከመደብር ወደ መደብር በዚያው ልትገዙት ባሰባችሁት ጥቅል ሲያዛውር ያሳያችሁ፤ የዓመቱንም ጠቅላላ ክፍያ በጽሁፍ ተቀበሉ።