የፓርኪንሰን መድኃኒት፦ 25/100፣ ግማሽ 25/250 ወይስ ፕራሚፔክሶል?

ጎንደር ውስጥ ፓርኪንሰን ያለበትን ወላጅ የሚያስታምም ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው «ካርቢዶፓና ሌቮዶፓ ያለበትን 25/250 ፍሬ ገዝቼ ለሁለት ብከፍለውስ?» የሚል ነው። ሂሳቡ ያጓጓል። ሐኪሙ 25/100 በቀን ሦስት ጊዜ ካዘዘ 30 ፍሬ ለ10 ቀን ብቻ ይበቃል፤ 25/250ው እየተገመሰ ከተወሰደ ግን ያው 30 ፍሬ 20 ቀን ይዘልቃል። እኔ ግን ለጀማሪ ታካሚ 25/100ውን ነው የምመርጠው።

25 የካርቢዶፓ መጠን ነው፣ ሌላው ቁጥር የሌቮዶፓ (አንዳንዱ እሽግ 100/25 ብሎ ገልብጦ ይጽፈዋል)። በሽተኛው የጎደለው ዶፓሚን ነው፤ ዶፓሚን ቢዋጥ ግን ወደ አንጎል አይገባም። ሌቮዶፓ ይገባል፣ እዚያም ዶፓሚን ይሆናል። ችግሩ ብቻውን ሲወሰድ አብዛኛው አንጀትና ደም ውስጥ ቀድሞ ይለወጣል፤ ያ ደግሞ ያስመልሳል፣ የደም ግፊት ይጥላል። ካርቢዶፓ ይህን ለውጥ ከአንጎል ውጭ ይገታል፤ ራሱ አንጎል ስለማይገባ እዚያ ያለውን ሥራ አይነካም።

ይህን በደንብ ለመግታት በቀን ከ70 እስከ 100 ሚሊግራም ካርቢዶፓ ያስፈልጋል። ሦስት 25/100 75 ይሰጣል። ሦስት ግማሽ 25/250 ግን 37.5 ብቻ፤ ሌቮዶፓው ደግሞ ከ300 ወደ 375 ከፍ ይላል። ማቅለሽለሹ ከዚህ ይመጣል። ያኔ ቤተሰብ ሮጦ የማስመለስ ማስታገሻውን ፕላዚል ይገዛል፤ ፕላዚል አንጎል ውስጥ ዶፓሚንን ስለሚከለክል መንቀጥቀጡና መገተሩ ይብሳል። «በሽታው ጠናበት» ተብሎ መጠን ይጨመራል። በርካሽ የተገዛው መድኃኒት የት ደረሰ! 25/250 የሚያዋጣው መጠኑ አድጎ ሙሉ ፍሬ ሦስት አራት ጊዜ ሲታዘዝ ነው።

የተገመሰ ፍሬ ያለ ማሸጊያው እርጥበት ካገኘው ይጠቁራል፤ የጠቆረውን አይስጡ። ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ዓይነት ደግሞ ፈጭቶ መስጠት አደጋ ነው፤ በአንዴ ይለቀቃል። ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ይዋጥ። የፋሲካ ሰሞን ከሥጋው ጋር የተዋጠ መድኃኒት «አልሠራም» ቢባል አይገርምም፤ ፕሮቲን የሌቮዶፓን መግቢያ ይሻማል። ሽሮም ፕሮቲን አለው።

ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል ዶፓሚን አይሆኑም፤ ዶፓሚን የሚያርፍበትን ቦታ ራሳቸው ይቀሰቅሳሉ። ከሌቮዶፓ ረዘም ብለው ስለሚቆዩ፣ ቀጣዩ ፍሬ ሳይደርስ እጅ እግር የሚያስረውን ሰዓት ያሳጥራሉ። ፕራሚፔክሶል በ0.125 ሚሊግራም ሦስት ጊዜ ተጀምሮ ቀስ እያለ ያድጋል፤ ኩላሊት የደከመበት ሰው መጠኑ መቀነስ አለበት። ግን ድንገተኛ እንቅልፍ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ የቁማርና የግዢ አባዜ ያመጣሉ። ሾፌር ከሆነ መኪናውን፣ ነጋዴ ከሆነ ገንዘቡን ይከታተሉ። ዕድሜያቸው ለገፋ፣ መርሳት ለጀመራቸው ሰዎች አልመርጠውም።

የትኛውንም በድንገት ማቋረጥ አይቻልም፤ ሌቮዶፓ በአንዴ ሲቆም ትኩሳትና ከባድ መገተር ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከሐኪሙ ጋር የተስማማችሁበትን ዓይነት ሳያልቅ የአሥር ቀን መጠባበቂያ እያላችሁ ግዙ።