«ሁለት አክሲዮን፣ ዜሮ ኪሳራ» ለሚላችሁ ሰው ብር አትስጡ

የባሕር ዳር ልጆች፣ ሰሞኑን ጣና ዳር ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቶ «ፔርስ ትሬዲንግ» የሚሰብክ ሰው ካጋጠማችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔም ቁጭ ብዬ አዳምጬዋለሁ። «ገበያው ቢወጣም ቢወርድም አትከስሩም» ነው የሚለው።

ዘዴው ራሱ የፈጠራ ወሬ አይደለም። ዋል ስትሪት ላይ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠራበታል። እንደ ኮካና ፔፕሲ ያሉ ተመሳሳይ ሥራ ያላቸው ሁለት ኩባንያዎች ይመረጣሉ። አብሮ ሲሄድ የቆየው ዋጋቸው ሲራራቅ የተወደደው አክሲዮን በብድር ተወስዶ ይሸጣል፣ የረከሰው ይገዛል። ተመልሰው ከተቀራረቡ ልዩነቱ ትርፍ ነው። ገበያው በሙሉ ቢወድቅም አንዱ ያጎደለውን ሌላው ሊያካክስ ይችላል።

ችግሩ ክፍተቱ ከመጥበብ ይልቅ ሊሰፋ መቻሉ ነው። ሰውዬው ደግሞ በ10 እጥፍ ሌቨሬጅ፣ ማለትም በብድር ገንዘባችሁን 10 እጥፍ አድርጎ ነው የሚያስገባችሁ። እስቲ አብረን እናስላው። 1,000 ዶላር አስገባችሁ እንበል፤ በ5,000 አንዱን ትሸጣላችሁ፣ በ5,000 ሌላውን ትገዛላችሁ። የሸጣችሁት 12 በመቶ ወጣ፣ 600 ዶላር ሄደ። የገዛችሁት የወጣው 2 በመቶ ብቻ ነው፣ 100 ተመለሰ። 500 ዶላር፣ ማለትም ግማሹ ገንዘባችሁ የለም! ክፍተቱ ትንሽ ከቀጠለ ደላላው ድርጅት ሳይጠይቃችሁ ይዘጋዋል። በሳምንቱ ዋጋዎቹ ቢቀራረቡ እንኳ እናንተ የላችሁበትም።

ይሄ በትልልቆቹም ላይ ደርሷል። ሮያል ደችና ሼል የአንድ የነዳጅ ድርጅት ሁለት ክንፎች ነበሩ፣ ትርፉን 60 ለ40 በውል ነበር የሚካፈሉት። ከዚህ የጠበቀ ጥንድ ከየት ይመጣል? ኤልቲሲኤም የሚባለው የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ፈንድ፣ የኖቤል ተሸላሚዎች የነበሩበት፣ ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ክፍተት ይጠባል ብሎ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከ20 በመቶ በላይ ሰፋ፣ ፈንዱም በሌሎች ንግዶቹ ጭምር ከስሮ ባንኮች ተረባርበው አዳኑት። ሁለቱ ኩባንያዎች የተዋሃዱት በ2005 ነው። ሐሳቡ ልክ ነበር፣ ገንዘቡ ግን እስከዚያ አልቆየም።

የሚያሳያችሁ ግራፍም እንዳያማልላችሁ። ከመቶ ጥንዶች ውስጥ ባለፉት ዓመታት ሲቀራረብ የኖረውን አንዱን መርጦ ማሳየት ለማንም ቀላል ነው። «ይህን ጥንድ የመረጥከው መቼ ነው? ከመረጥክ በኋላ ያለውን ብቻ አሳየኝ» በሉት። የብድሩን የየቀኑን ወለድና የአራቱን ግብይቶች ክፍያ፣ ማለትም ሁለቱ ሲገባ ሁለቱ ሲወጣ፣ ቀንሶ ያሳያችሁ። እኔ ስጠይቀው ወሬ ቀየረ።

ከዚያ ወዲያ ብሩን በእጁ ወይም በግል ሒሳቡ አስገቡልኝ ይላል፤ በእናንተ ስም የሚከፈት ሒሳብ የለም። ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ያገኘውን ፈቃድ ጠይቁት፣ ከሌለው ተነሱና ውጡ። የከፈላችሁ ካላችሁ ደረሰኙንና የተጻጻፋችሁትን እንዳታጠፉ፣ ዛሬውኑ ወደ ፖሊስ ሂዱ።