አሥር ቲ-ቴስት ወይስ ቱኪ? የማነጻጸሪያ ዘዴዎች ዋጋ በኩንታል ሲሰላ

ቡና ተለቅሞ የሙከራ መረጃ ወደ ኮምፒውተር በሚገባበት ሰሞን እዚህ ጅማ ከሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችና ከግብርና ባለሙያ ወዳጆቼ ተደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «አኖቫው ልዩነት አለ ብሏል፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚለይ ለማወቅ ምን ልጠቀም?» ምርጫዬን አስቀድሜ ልናገር። ዝርያዎቹ ሁሉ እርስ በርስ የሚወዳደሩ ከሆነ ቱኪን፣ አዳዲሶቹ ከአንድ ነባር ማወዳደሪያ ጋር ብቻ የሚተያዩ ከሆነ ደግሞ ደኔትን እወስዳለሁ። ጥንድ በጥንድ ቲ-ቴስት መደርደርን ግን ለማንም አልመክርም።

ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ቁጥሮቹን ለማስረጃነት ሳይሆን ለማስረዳት ያዘጋጀኋቸው ናቸው። አንድ ነባር ዝርያና ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተባሉ አራት አዳዲስ ዝርያዎች በአራት ብሎክ ተተክለዋል እንበል። አማካይ የንጹሕ ቡና ምርታቸው በሄክታር ነባሩ 7.4፣ ሀ 8.3፣ ለ 9.0፣ ሐ 10.3፣ መ 10.8 ኩንታል ነው። የአኖቫው የስህተት ቫሪያንስ 2.0፣ የነጻነት ዲግሪው 12 ሲሆን የማንኛውም ሁለት አማካዮች ልዩነት መደበኛ ስህተት ልክ 1 ኩንታል ይመጣል። የኤፍ ዋጋው 3.93 ነው፤ ለማለፍ የሚጠበቅበት 3.26 ስለሆነ ልዩነት መኖሩ ታይቷል።

አምስት ዝርያ አሥር ጥንድ ይወጣዋል። የቲ ሠንጠረዥ የተሠራው መረጃው ከመታየቱ በፊት ለተመረጠ አንድ ጥንድ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ጥንድ ምንም እውነተኛ ልዩነት ሳይኖር «ልዩነት አለ» የማለት ዕድሉ 5 በመቶ ብቻ ነው። አሥሩን ሁሉ ስንፈትን ግን ዓይናችን ሳይወድ በግድ የሚያርፈው በትልቁና በትንሹ አማካይ ላይ ነው፤ አምስት እኩል ዝርያዎች እንኳ በአፈርና በጥላ ምክንያት ወዲያና ወዲህ ስለሚበታተኑ የሁለቱ ጫፎች ርቀት አስቀድሞ ከተመረጠ ጥንድ ርቀት በአብዛኛው ይሰፋል። አሥሩ ፈተናዎች ፈጽሞ የማይገናኙ ቢሆኑ ቢያንስ አንድ ሐሰተኛ ልዩነት የማግኘት ዕድሉ 1 − 0.95¹⁰ ማለትም 40 በመቶ ይሆን ነበር። አንዱ ዝርያ በአራት ጥንዶች ውስጥ ስለሚደጋገም ፈተናዎቹ የተያያዙ ናቸውና፣ መረጃው ብዙ ሲሆን ትክክለኛው ዕድል ወደ 29 በመቶ ይወርዳል። ይህም ቢሆን ከተባለው 5 በመቶ ስድስት እጥፍ ያህል ነው። ቡና ለመጀመሪያ ጊዜ ለማፍራት ሦስትና አራት ዓመት የሚፈጅ ተክል እንደመሆኑ፣ በሐሰተኛ ልዩነት ተመርቶ ነባሩን የነቀለ ገበሬ ስህተቱን የሚያውቀው ከስንት ዓመት በኋላ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። የእያንዳንዱ ዘዴ ዋጋ «ልዩነት አለ» ለማለት በሄክታር የሚጠይቀን የኩንታል መጠን ነው። ጥንዶቹን ሁሉ በቲ-ቴስት ያለ እርማት የሚፈትነው ኤል ኤስ ዲ የሚጠይቀው 2.18 ብቻ ነው። ደኔት 2.81፣ ቱኪ 3.19፣ ቦንፈሮኒ 3.43 ይጠይቃሉ፤ ሼፌ 3.61 ስለሚጠይቅ ጥንዶችን ብቻ ለሚያነጻጽር ሰው ያለ ጥቅም ውድ ነው። በእኛ መረጃ ላይ ስንሞክራቸው ኤል ኤስ ዲ ሦስት ልዩነት ያወጣል፦ መ ከነባሩ (3.4)፣ ሐ ከነባሩ (2.9)፣ መ ከሀ (2.5)። ቱኪ የመጀመሪያውን ብቻ ይቀበላል። ደኔት አራት ንጽጽር ብቻ ስለሚያደርግ ዋጋው ቀንሶ መንም ሐንም ከነባሩ ይለያቸዋል። ቦንፈሮኒ ግን ምንም አያገኝም።

ቱኪን ከቦንፈሮኒ የማስበልጠው በዚህች የ0.24 ኩንታል ልዩነት ነው። ቦንፈሮኒ 0.05ን ለአሥር አካፍሎ እያንዳንዱን ጥንድ በ0.005 ይፈትናል፤ ጥንዶቹ የተያያዙ መሆናቸውን ግን በስሌቱ ውስጥ አያስገባም፤ ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ ያስከፍላል። ቱኪ በተቃራኒው ጫፍና ጫፍ ያሉ አማካዮች በአጋጣሚ ምን ያህል እንደሚራራቁ ከሚያሳየው ሠንጠረዥ ይነሣል፤ ለአምስት ዝርያና ለ12 የነጻነት ዲግሪ የሚገኘው 4.51 ለ√2 ሲካፈል 3.19 ይሆናል። ድግግሞሹ እኩል እስከሆነ ድረስ የጠቅላላው ሐሰተኛ ልዩነት ዕድል በትክክል 5 በመቶ ላይ ይቆማል። ቦንፈሮኒን የምገዛው አስቀድመው በጽሑፍ የተወሰኑ ሁለት ወይም ሦስት ጥንዶች ብቻ ሲኖሩ ነው፤ ያን ጊዜ ከቱኪ ይረክሳል።

በብዛት ያስቸገሩኝ ግን እርማት መስለው የሚቀርቡት ናቸው። የመጀመሪያው ኤፍ ጉልህ ሲሆን ብቻ የሚሠራው «ጥበቃ ያለው» ኤል ኤስ ዲ ነው። ለሦስት ዝርያ ይህ ጥበቃ በእርግጥ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ግን አንድ በጣም ደካማ ዝርያ ብቻውን ኤፍን ስለሚያሳልፈው የቀሩት እኩል ዝርያዎች ያለ ምንም መከላከያ ይፈተናሉ። ሁለተኛው በ1955 የወጣው የዳንካን ፈተና ነው። ልዩነትን ለማሳየት በአማካዮች ላይ የሚደረደሩትን ፊደላት ስለሚያበዛ በግብርና ጽሑፎች ዘንድ ተወዳጅ ሆኖ ቆይቷል፤ ይሁን እንጂ ለአምስት ዝርያ የሚፈቅደው ሐሰተኛ ልዩነት እስከ 1 − 0.95⁴፣ ማለትም 18.5 በመቶ ይደርሳል። ፊደላት የተደረደሩበት ሠንጠረዥ ቀርቦልዎ የዘዴው ስም ከሥሩ ካልተጻፈ፣ የስህተት ቫሪያንሱን ወስደው ፊደል የለያቸውን የሁለት አማካዮች ትንሹን ልዩነት ያስሉ፤ ከመደበኛ ስህተቱ ሁለት እጥፍ ትንሽ ብቻ ከፍ ካለ የያዙት በአብዛኛው ኤል ኤስ ዲ ወይም ዳንካን ነው።

ስህተት የሚበዛበት ቦታ ሶፍትዌሩ ነው። ኤክሴል አኖቫ ሠርቶ ያቆማል፤ ፖስት-ሆክ የለውም፤ ብዙ ሰው ወደ አሥር ቲ-ቴስት የሚገባውም በዚህ በር ነው። ኤስፒኤስኤስ በቦንፈሮኒ ሠንጠረዥ የሚያሳየው ፒ-ቫልዩ አስቀድሞ በጥንዶቹ ብዛት የተባዛ ነው፤ በምሳሌያችን የመ እና የነባሩ ፒ 0.0053 አካባቢ ሲሆን የሚታየው 0.053 ይሆናል። ይህን ቁጥር እንደገና ከ0.005 ጋር ማወዳደር ሁለት ጊዜ መክፈል ነው፤ የሚወዳደረው ከ0.05 ጋር ነው። በ`R` የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው፦

```
d$block <- factor(d$block)
d$trt <- factor(d$trt)
m <- aov(yield ~ block + trt, data = d)
summary(m)
TukeyHSD(m, "trt")
```

የመጀመሪያው መስመር ከተረሳና ብሎኮቹ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብለው ከተጻፉ ፕሮግራሙ እንደ ተራ ቁጥር ይወስዳቸዋል። በ`summary` ውስጥ ከ`Residuals` ጎን 12 መሆን የነበረበት 14 ሆኖ ከተገኘ ስህተቱ ይህ ነው። `pairwise.t.test` ደግሞ በራሱ የሆልምን እርማት ቢያደርግም ብሎክን ስለማያውቅ ለእንዲህ ያለ ሙከራ አይሆንም።

ዝርያዎቹ የምርት መዋዠቃቸው እጅግ የተለያየና ብሎክ የሌለበት ሙከራ ከሆነ ከቱኪ ይልቅ ጌምስ-ሃውል ይሻላል። የሚነጻጸሩት አምስቱ ነገሮች ዝርያ ሳይሆኑ የአንድ ኮምፖስት 0፣ 2፣ 4፣ 6 እና 8 ቶን ከሆኑ ግን ከእነዚህ ዘዴዎች አንዱንም አይግዙ፤ ጥያቄው ምርቱ በመጠኑ ልክ እንዴት እንደሚጨምርና የት ላይ እንደሚቆም ነውና፣ መልሱ የሚገኘው በሪግሬሽን መስመር ነው።