ካርቶን፣ ኤክሴል ወይስ ሶፍትዌር? ለጎጃም ቀረጻ የትኛው ስትሪፕቦርድ ይሻላል

በጥር ወር ባሕር ዳርና እንጅባራ ላይ ለሦስት ቀን የምንቀርጸው አጭር ፊልም አለን እንበል። አባት ሆኖ የሚተውነው ሰው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ የሚገኘውም ማክሰኞና ረቡዕ ብቻ። ልጁ ሦስቱንም ቀን አለች። የጥር ፀሐይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ50 አካባቢ ወጥታ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። ከባሕር ዳር እንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዕቃ በጫነ ሚኒባስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙለት። በጨለማ መንገድ አንወጣም።

ስትሪፕቦርድ ማለት እያንዳንዱን ሲን በአንድ ቀጭን ቁራጭ ላይ ጽፎ ቁራጮቹን እያቀያየሩ ቀን መሥራት ነው። ቁራጩ ላይ የሲኑ ቁጥር፣ ሎኬሽኑ፣ ለእያንዳንዱ ተዋናይ የተሰጠው መለያ ቁጥርና የገጹ ርዝመት ይሰፍራል። ርዝመቱ በስምንተኛ ነው የሚለካው፤ ግማሽ ገጽ 4/8 ይባላል። በተለመደው አሠራር የቀን ውስጥ ነጭ፣ የቀን ውጭ ቢጫ፣ የማታ ውስጥ ሰማያዊ፣ የማታ ውጭ አረንጓዴ ነው። የቀኑን መጨረሻ ጥቁር ቁራጭ ይዘጋዋል።

እኔ መጀመሪያ የምሞክረው በካርቶን ነው። የመጀመሪያው ሙከራዬ ባሕር ዳር እያደሩ ማክሰኞ እንጅባራ አጠገብ ያለው ዘንገና ሐይቅ ደርሶ መመለስ ነበር። ለጉዞውም ግራጫ ቁራጭ ቆረጥሁለት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ስህተቱም እዚያ ላይ ነው የሚጀምረው። ጠዋት 1 ሰዓት ብንነሳ 3 ሰዓት ተኩል እንደርሳለን። ሳይመሽ ለመግባት ደግሞ 9 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት አለብን። በመካከል የቀረችው ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ሆና ፊት ላይ ጥላ የምትጥልበት ነው። ቢጫዎቹ ሁሉ እዚያ ተከማቹ። ካርቶኑን ያየ ሰው ሳይነገረው ገባው።

ስለዚህ አገላበጥነው። ሰኞ ባሕር ዳር ላይ የልጅቷን ሲኖች እስከ 8 ሰዓት ጨርሰን ለእንጅባራ ተነሳን፤ እዚያው አደርን። ማክሰኞ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ዘንገና ላይ ልጅቷን ብቻ። አባትየው በጠዋቱ በረራ 3 ሰዓት ባሕር ዳር ቢያርፍ፣ እንጅባራ የሚደርሰው 6 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያች ከባድ ፀሐይ የቤት ውስጥ ሲኖቹን (ነጮቹን) ሠራን፤ ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ሁለቱን ይዘን ወደ ሐይቁ። ረቡዕ ጠዋት ተመልሰን ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ላይ የቀሩትን ውጭዎች። አባትየው ሁለት ቀን ሠራ፤ ሥራ ፈቶ የሚጠብቅበት የሚከፈል ቀን አልኖረም።

ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ካርቶን በቂ ነው። መብራት ቢጠፋም ይሠራል፣ ሾፌሩም ካሜራማኑም ጣቱን ይጠቁምበታል። ጉድለቱ አንድ ኮፒ ብቻ መሆኑ ነው። ቁራጭ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱት።

ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ የሚጠቅመው ፕሮዲውሰሩ አዲስ አበባ ተቀምጦ ማየት ሲፈልግ ነው። አንድ ወጥመድ አለው። ጉግል ሺትስ ላይ አንድ አምድ ብቻ መርጣችሁ Sort range ብትሉ ያ አምድ ብቻ ይደረደራል። የሲን ቁጥሩ ይንቀሳቀስና ተዋናዩ በቦታው ይቀራል። ሠንጠረዡ ንጹሕ ስለሚመስል ቶሎ አይታይም። ከደረደራችሁ በኋላ ሦስት ሲን መርጣችሁ ከስክሪፕቱ ጋር አመሳክሩ። አባትየው በሌለበት ሲን ከተገኘ ተቀላቅሏል ማለት ነው። ሰኞም ላይ የአባትየው ቁጥር ካለ እንደዚያው።

ሙቪ ማጂክ ስኬጁሊንግን የመሰለ ሶፍትዌር ግን ሌላ ነገር ነው። ለሦስት ቀን ከገዛችሁት ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ። ለሃያ ቀን፣ ለአሥራ አምስት ተዋናይ ከሆነ ግን ዋጋውን ያወጣል፤ ምክንያቱም አንድ ቁራጭ ስታንቀሳቅሱ እያንዳንዱ ተዋናይ መቼ እንደሚሠራና መቼ ዝም ብሎ እንደሚጠብቅ ራሱ ይቆጥራል። በካርቶን ይህን በእጅ መቁጠር ሌሊት ያሳድራል። ከእንጅባራ ባሕር ዳር ያለውን መንገድ ግን አያውቅላችሁም። የጉዞውን ቁራጭ የምታስገቡት እናንተው ናችሁ።

የቀንና የሰዓት ነገር ደግሞ አለ። እነዚህ ፕሮግራሞች በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የተሠሩት። አንድ ጊዜ ከሶፍትዌር የወጣ ኮል ሺት፣ ማለትም ማን በስንት ሰዓት እንደሚመጣ የሚነግረውን ወረቀት፣ እንዳለ ላክሁ። «7:00» ይላል። ተዋናዩ ምሳውን በልቶ በ7 ሰዓት መጣ፤ እኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ስንጠብቀው ነበር። የጠዋቷ ብርሃን አለፈች፣ ጥፋቱም የእኔ። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ጥር 12 ማለት በአብዛኛው ዓመት በፈረንጁ ጃንዋሪ 20 ነው። ካርቶን ላይ ይህ ችግር አይመጣም፤ የምትጽፉት በራሳችሁ ሰዓት ነውና። ሶፍትዌር ከገዛችሁ ግን ከመላካችሁ በፊት እያንዳንዱን ሰዓት «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ብላችሁ በእጅ ጻፉበት።