የታይመስ ሁለት ፈተናዎች

ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉት ቲ ሴሎች ከደረት አጥንት ጀርባ ባለችው ታይመስ በምትባል ዕጢ ሁለቴ ይፈተናሉ። አንደኛው በውጨኛው ክፍል ነው። ኤምኤችሲን፣ ማለትም ሴሎች የፕሮቲን ቁራጭ የሚያሳዩበትን ሳህን፣ መያዝ ያቃተው ማንም ሳይነካው ይሞታል። አብዛኞቹ የሚወድቁት እዚህ ነው።

ሁለተኛው በውስጠኛው ክፍል ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚወድቀው የራሱን ሰውነት ፕሮቲን አጥብቆ የያዘው ነው። እኔን የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። ኤይር የሚባል ጂን የታይመስን ሴሎች ኢንሱሊን ሳይቀር ያሠራቸዋል፣ ያውም ቆሽት ሳይሆኑ! ኢንሱሊኑን አጥብቆ የያዘ ቲ ሴል ወይ ይሞታል፣ ወይ ሌሎቹን የሚያረጋጋ ተቆጣጣሪ ሴል ይሆናል።

ከኤምኤችሲ ዓይነቶች አንዱ፣ ኤምኤችሲ 2፣ ከጠፋ የመጀመሪያው ፈተና ይሰናከላል፤ ረዳት ቲ ሴሎች ያንሳሉ፣ ሕፃኑን ኢንፌክሽን ይደጋግመዋል። ኤይር ሲበላሽ ግን ጠላቱ ከውስጥ ነው። ያመለጡት ቲ ሴሎች ካልሲየምን የሚቆጣጠረውን ፓራታይሮይድ ዕጢ ያጠቃሉ፣ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ይወርዳል፣ የልጁ ጡንቻ ይኮማተራል።