48 ሺህ ብለውን 66,500 የከፈልንበት የሰርግ ፎቶ

ማርቆስም ሆነ አካባቢዋ ለጥር ሰርግ የምትደግሱ ሰዎች፣ ለፎቶ ቤት ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

ለእህቴ ሰርግ በ48 ሺህ ብር ተስማማን። ሁለት ፎቶ አንሺ፣ ባለ 20 ቅጠል አልበም፣ ኤዲት። “አታስብ ወንድሜ፣ ሁሉም አለበት” አለኝ ባለቤቱ። ውሉ ግማሽ ገጽ ነው። እኔም በድግሱ ጥድፊያ አንብቤ ሳልጨርስ ፈረምኩ።

ጣጣው የመጣው ፎቶ ስንመርጥ ነው። 150 መረጥን። ለካ ውሉ ላይ “60 ፎቶ ኤዲት” የምትል መስመር አለች! አንዱ ገጽ ሦስት ፎቶ ሲይዝ፣ 20 ቅጠል ማለት 40 ገጽ፣ 120 ፎቶ ነው። አልበሙን ለመሙላት እንኳ 60 ይጎድላል ማለት ነው። የእኛን 150 ለማስገባት አምስት ቅጠል ተጨመረ፤ በ700 ሂሳብ 3,500 ብር።

የቀሩት 90 ፎቶዎች ኤዲት ደግሞ በሰዓት 300 ብር፣ 30 ሰዓት ተብሎ 9 ሺህ መጣ። ስታካፍሉት ለአንድ ፎቶ 20 ደቂቃ ነው። ቀለምና ብርሃን ብቻ ለማስተካከል ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። 20 ደቂቃ የሚፈጀው ፊት ሲጸዳ ወይም ከጀርባ ያለ ነገር ሲጠፋ ነው። አልበሙ ሲደርስ ግን የድንኳኑ የመብራት ገመድ ከሙሽራው ራስ ላይ እንደ ቀንድ ወጥቶ ቁጭ ብሏል። ስለዚህ በሰዓት አትዋዋሉ። በፎቶ ብዛት ይሁን፤ ምን ምን እንደሚስተካከልም ይጻፍ።

ሁለተኛው ፎቶ አንሺ ጠዋት ከሙሽራው ቤት መሆን ነበረበት። ለምርጫ የሰጡንን ፋይሎች ስልኬ ላይ ከፍቼ ዝርዝሩን አየሁ። ካሜራው አንድ ዓይነት ነው። ቁጥሩም DSC_0412፣ DSC_0413 እያለ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ሚዜዎቹ እስኪደርሱ ድረስ ያለው ሁሉ የኛ ግቢ ነው፤ ከሙሽራው ቤት አንድም የለም። “ሁለተኛው” ለካ መብራት ያዥ ነበር። ለእሱው የመልስ ቀን ሌላ 6 ሺህ ጠየቁን፤ እሱንም ከፈልን፣ ምን ይደረግ። የእናንተ ሁለተኛ ሰው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት፣ የት እንደሚቆም፣ የራሱን ካሜራ እንደሚይዝ ውሉ ላይ ይግባ።

በመጨረሻ ሙሉ መጠን ያላቸውን ፋይሎች ስንጠይቅ “10 ሺህ ጨምሩ” ተባልን። ውሉ ስለ ፋይል ምንም አይልም፤ ተውነው። ይባስ ብሎ የእህቴ ፎቶ ተልቆ የሱቁ መስታወት ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ ይከለክላል። ቁጥሩን ስጠራለት ባለቤቱ ብዙ አልተከራከረም። ማታ ሳልፍ መስታወቱ ላይ የሌላ ሙሽራ ፎቶ ነበር።