አቼቶ፣ ሲትሪክ አሲድ ወይስ የሽንት ቤት አሲድ? ክሮም ሳይበላሽ ኖራን የማስለቀቅ ንጽጽር

ደጀን ላይ ስምንት ክፍሎች ያሉት ትንሽ ማረፊያ አለኝ። የእኛ እንግዳ ገና ሲገባ የሚፈትሸው አልጋውን ሳይሆን ሻወሩን ነው። የዓባይ በረሃን አቋርጦ የመጣ ሰው አቧራውንና ላቡን ሳያስለቅቅ ወንበር ላይ መቀመጥም አይፈልግም። ባለፈው ዓመት የአራት ቁጥር ክፍል እንግዳ ፎጣ አገልድሞ ብቅ አለና «ይህ ሻወር የሚያጥበው እኔን ሳይሆን በሩን ነው» አለኝ። ገብቼ ሳየው እውነቱን ነው። ከቀዳዳዎቹ ግማሽ የሚሆኑት በነጭ ቅርፊት ተደፍነዋል፤ የቀሩት ደግሞ ጠርዛቸው በመጥበቡ ውሃውን ወደ ጎን ይተፋሉ።

ቅርፊቱ ኖራ ነው። ወደ በረሃው ሲወርድ መንገዱ የተቆረጠበትን ገደል ልብ ያለ ሰው ከላይ ጥቁሩን ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ፈዘዝ ያለውን የኖራ ድንጋይ ያያል። ውሃ በድንጋይ ስንጥቅ ሲሰርግ ካልሲየምና ማግኒዥየም አሟሙቶ ይዞ ይወጣል፤ ጥቁሩ ድንጋይም ቢሆን ባዶ እጁን አይሸኘውም። እንዲህ ያለው ውሃ ሳሙና ቶሎ አረፋ አይሰጥበትም። ጠብታው ሻወሩ ላይ ሲደርቅ ውሃው ይተንና ካልሲየም ካርቦኔቱ ይቀራል። በማግስቱ ሌላ ጠብታ ይደርብበታል።

ካልሲየም ካርቦኔትን የሚያሟሟው አሲድ ነው። ክፍሎቹን የምታጸዳው ሴት፣ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት፣ «አመድ ይሻላል አልሁህ» ብላ ተከራክራኛለች። አመድ ግን የአሲድ ተቃራኒ ነው። ኖራውን አያሟሟም፤ ይልቁንም ክሮሙን ይፍቃል። አቼቶን ከቤኪንግ ፓውደር ጋር የሚያደባልቁም አሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ብዙ ይንፈቀፈቃሉ፣ ግን አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል፤ የሚያምረው አረፋው ብቻ ነው። ስለዚህ ገበያ የሚወጣ ሰው ምርጫው በሦስት ነገሮች መካከል ነው፦ አቼቶ፣ የሲትሪክ አሲድ ዱቄትና ለሽንት ቤት መቀመጫ ተብሎ የሚሸጠው ጠንካራ አሲድ።

ሦስተኛውን አስቀድሜ ላንሳው፣ ምክንያቱም ገንዘብ ያስከፈለኝ እሱ ነው። ጠርሙሱ ላይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይላል። የሁለት ቁጥር ክፍልን ቧንቧ በጨርቅ ነክሬ አሸሁበት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ ኖራው ጠፍቶ ቧንቧው እንደ አዲስ አበራ። ባለሱቁን በልቤ መረቅሁት። ወር ሳይሞላ ግን እጀታው ሥር ግራጫ ጥላ ታየ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ነጠብጣብ ወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ክሮም የምንለው ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ የማይደርስ ስስ ልባስ ነው። ከሥሩ ኒኬል አለ፣ ከኒኬሉ ሥር ደግሞ የቧንቧው አካል የሆነው ናስ ወይም ርካሽ ከሆነ ዚንክ ወይም ፕላስቲክ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ኖራውን በልቶ አይቆምም፣ ክሮሙንም ይበላል። አረንጓዴው ነጠብጣብ ልባሱ ተበስቶ ናሱ ወደ አየር መውጣቱን የሚናገር ነው። ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ማጽጃ የለም።

ይባስ ብሎ አሲዱ ቧንቧውን መንካት እንኳ አያስፈልገውም። በአምስት ቁጥር ክፍል ማታ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ላይ ብቻ ፈስሶ በሩ ተዘግቶ ነበር ያደረው። ጠዋት የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ትንፋሽ እንዳረፈበት መስታወት ደብዝዞ ተገኘ፤ ብንወለውለውም አልለቀቀም። ያደበዘዘው ሌሊቱን ሲወጣ ያደረው ትነት ነው። ይህን አሲድ ለሽንት ቤቱ መቀመጫ የሚገዛ ይግዛ፣ መስኮት ከፍቶና ቶሎ አጥቦ። ከክሮም ጋር ግን አይገናኝ።

ስለዚህ ፉክክሩ በአቼቶና በሲትሪክ አሲድ መካከል ነው። ሁለቱም ኖራን ያሟሟሉ፤ ሁለቱም በሰዓቱ ከታጠቡ ክሮምን አይጎዱም። ልዩነታቸው ዋጋው፣ ሽታውና አያያዛቸው ላይ ነው።

ዋጋ ለማነጻጸር ጠርሙስን ከከረጢት ጋር ማስተያየት ያሳስታል፣ ምክንያቱም ከአቼቶው አብዛኛው ውሃ ነው። 5 በመቶ አሲድ ያለው አንድ ሊትር አቼቶ የሚያሟሟውን ኖራ 50 ግራም ገደማ የሲትሪክ አሲድ ዱቄት ያሟሟዋል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ የአንድ ሊትር አቼቶ ዋጋ ነው የሚበልጠው ወይስ የ50 ግራም ዱቄት? ጠርሙሱ ላይ የአሲዱ መጠን መጻፉን ማየት ያስፈልጋል። 5 በመቶ ካልሆነና 4 በመቶ ከሆነ 40 ግራም ዱቄት ነው የሚተካከለው። መጠኑ ጭራሽ ያልተጻፈበትን ጠርሙስ ለዚህ ሥራ አልገዛም። ቀለም ያለውንም አልወስድም፤ ነጩ ይበቃል። ዱቄቱ የኬክና የመጠጥ ግብአት ከሚሸጡ ሱቆች ይገኛል፣ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለረጅም ጊዜ አይበላሽም፣ ክፍሉንም እንደ አቼቶ አያሸትትም። ለእንግዳ ማረፊያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አቼቶ የታጠበበትን ክፍል በማግስቱ የገባ ሁሉ «ሰላጣ ተበልቶበት ነው ወይ?» ይለኛል።

የአቼቶ ብልጫ የትም መገኘቱና መለካት አለመፈለጉ ነው። በዓመት ሁለቴ አንድ ሻወር የሚያጸዳ ቤተሰብ ዱቄት ፍለጋ አይድከም። ሎሚም ቢሆን ያው ሲትሪክ አሲድ ነው፤ የቧንቧ አፍ ዙሪያን በግማሽ ሎሚ ማሸት ጥሩ ነው። ሻወር ለመዘፍዘፍ ግን ብዙ ሎሚ ስለሚፈጅ ያሳዝነኛል።

የአራት ቁጥሩን ሻወር በሲትሪክ አሲድ ነው ያዳንሁት። ከመጀመሬ በፊት ባለ 10 ሊትር ባልዲ ከሥሩ አስቀምጬ በሰዓት ለካሁ፤ ለመሙላት 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ወሰደበት። ከዚያ ሻወሩን ፈታሁት። ፒንሳው ክሮሙን እንዳይነክሰው በጨርቅ መጠቅለል ግድ ነው። ክሩ ላይ ያለውን ጎማና ትንሿን ወንፊት አውጥቼ ለየኋቸው። በፕላስቲክ ባልዲ አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ማለትም 30 ግራም ያህል፣ በጠበጥሁ። የፈላ ውሃ አይሆንም። በጣም በሞቀ ውሃ የሟሟው ኖራ ከሲትሪኩ ጋር ተዋህዶ ሌላ ነጭ ዝቃጭ ይሆንና ቀዳዳውን መልሶ ይደፍነዋል። ብዙ ሰው «ሲትሪክ አሲድ ሞክሬ አባሰብኝ» የሚለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሻወሩ እንደገባ ከቀዳዳዎቹ ጥቃቅን አረፋ መውጣት ጀመረ። በየአሥር ደቂቃው እያነሳሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አሸሁት። ግማሽ ሰዓት ሲሆን አረፋው ቀነሰ፤ የቀሩትን ቀዳዳዎች በጥርስ መፋቂያ እንጨት ነካካኋቸው። መርፌ አልተጠቀምሁም፣ ቀዳዳውን ያሰፋል፤ የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ ውሃውን እንደገና ወደ በሩ ይልካል። ከዚያ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥቤ በለስላሳ ጨርቅ አደረቅሁት። ስገጥመው ባልዲው በ1 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ሞላ።

በአቼቶ ቢሆን አካሄዱ ያው ነው፤ ውሃ ሳይጨመርበት ይገባል፣ ጊዜውም ይረዝማል። ሻወሩ ከግድግዳ የማይፈታ ከሆነ ፌስታል ውስጥ አቼቶ ጨምሮ አንገቱ ላይ በጎማ ማሰር ይቻላል። ብዙ ሰው ይህን አስሮ ያሳድረዋል፤ እኔ አንድ ሰዓት ካለፈ አልተወውም። ደካማ አሲድ ቢሆንም ልባሱ ላይ ስንጥቅ ካገኘ ወደ ኒኬሉና ወደ ናሱ ይገባል። ምልክቱ ፈሳሹ ነው፦ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም ከያዘ እየሟሟ ያለው ኖራ ብቻ ስላልሆነ ወዲያው አውጥቶ ማጠብ ነው። ኖራው ካልጨረሰ ከማሳደር ይልቅ በሌላ ቀን መድገም ይሻላል። የሚንጠባጠበውም የት እንደሚያርፍ መታየት አለበት፤ እምነበረድ ራሱ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲዱ ወለሉንም ይበላዋል። የሰድል መጋጠሚያ ሲሚንቶም እንዲሁ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ስህተት በረኪና ነው። በረኪና ኖራን ከነጭራሹ አያሟሟም፤ ከአቼቶም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር ሲገናኝ ግን ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። እትዬ ወለሉን በበረኪና ባጠበችበት ቀን ሻወር አንነካም። የድስት መፈተጊያ ሽቦና ብርጭቆ ወረቀትም ከመታጠቢያ ቤቱ አባርሬአለሁ።

አዲስ ሻወር ለመግዛት ላሰበ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ቀዳዳዎቹ ከለስላሳ ጎማ ጡት የተሠሩበትን ይምረጥ፤ ኖራው ሳይጠነክር በአውራ ጣት ሲታሽ ይረግፋል። ጥቁርና ወርቃማ ቀለም ያላቸውን ለእኛ ውሃ አልመክርም። ጥቁሩ ላይ እያንዳንዱ ጠብታ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ልባሳቸውም ብዙ ጊዜ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ስለሆነ አቼቶ ያደበዝዘዋል። እነዚህን ገና እርጥብ ሳሉ በጨርቅ ከማድረቅ በቀር ሌላ የሚያዋጣ ዘዴ አላገኘሁም።

ምንም ከመግዛት በፊት ደግሞ ከቅርፊቱ ትንሽ በጥፍር አንስቶ አንድ ጠብታ ሎሚ ማንጠብጠብ ይበቃል። ከተንፈቀፈቀ ካርቦኔት ነው፣ ከላይ ያልሁት ሁሉ ይሠራለታል። ዝም ካለ ግን ምናልባት ከጥቁሩ ድንጋይ የመጣ ሲሊካ ወይም ጂፕሰም ነው፤ ለዚያ አቼቶም ሲትሪክም ገንዘብ ማባከን ነው። የስድስት ቁጥር ክፍል ቧንቧ እንዲህ ያለ ቀለበት አንገቱ ላይ አለበት። ዱቄቱን ሁለቴ ሞክሬ አልለቀቀም። ክሮሙን ከምፍቀው ቀለበቱ ይቀመጥ ብዬ ተውሁት።